አያት ለልጅ ልጇ የቤተሰቡን መልክ ስትነግር፦ እንዲህ ያለ አጭር ልብ ወለድ ስለመጻፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ይህን ዓይነት ታሪክ መጻፍ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ ምሳሌው ሁሉ ከአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ ልብ ወለድ የተወሰደ፣ ዓመተ ምሕረቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ስለ ምንድን ነው?

ዘመኑ 2004 ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት አኩርፋ ትመለሳለች፤ አብረዋት የሚማሩ ልጆች እሷና ታላቅ እህቷ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አላምን ብለዋታል። እህቷ ቀይ፣ ጠጉሯም ዞማ ነው፤ እሷ ጥቁር፣ ጠጉሯም ከርዳዳ ነው። እናታቸው ጠይም ናት። የስልሳ ሁለት ዓመቷ አያት በዚያ ምሽት የሁለቱንም ጠጉር ስትሠራ፣ እያንዳንዱ መልክ ከየትኛው ቅድመ አያት እንደመጣ ለልጅቱ ትነግራታለች። የሁሉንም ትናገርና የአንዷን ብቻ ትዘላለች። ልጅቱ ደግሞ የምትፈልገው የተዘለለችውን ነው።

ከዚህ በላይ ሴራ አያስፈልገውም። ብዙ ጀማሪዎች የጠፋ ኑዛዜ፣ ድንገት የሚመጣ ዘመድ ወይም የሆስፒታል አልጋ ያስገባሉ፤ ይህ ሁሉ የሚመጣው ንግግሩ ብቻውን ታሪኩን አይሸከምም ከሚል ሥጋት ነው። አንድ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ እስከ መጨረሻው ከተጓተተ ግን ከ2,000 እስከ 3,000 ቃላት ያለው ታሪክ ያለ ሌላ ድጋፍ ይቆማል።

ለምን አያት? እናት ብትነግራት ምን ችግር አለው?

አያት በዓይኗ ያየቻቸው ሰዎች ለልጅቱ ስም ብቻ ናቸው። በምሳሌያችን አያት የተወለደችው በ1942 ነው፤ የራሷ አያት በልጅነቷ አቅፋታለች፣ አባቷን ደግሞ እስከ ጎልማሳነቷ ታውቀዋለች። ስለዚህ በአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ከ1890ዎቹ እስከ 2004 መድረስ ይቻላል። እናት ብትሆን ተናጋሪዋ ከሰማችው ታወራለች፤ «እንዲህ ይሉ ነበር» ማለት ትጀምራለች፤ አንባቢም ወዲያው ይርቃል።

ሌላው ምክንያት ሥልጣን ነው። እናት ልጇን ማጽናናት ስላለባት ትቸኩላለች፤ «ቆንጆ ነሽ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። አያት ግን ልጅቱን ዝም የማሰኘትም ሆነ የማስጠበቅ መብት አላት፤ በገዛ ቤቷ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትወስነውም እሷ ናት። የታሪኩ ውጥረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምን ድሬዳዋ ተመረጠች?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ስለሆነች ነው። ከጅቡቲ በ1897 መሠራት የጀመረው ሐዲድ የሐረርን አቀበት መውጣት ስለከበደው ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በ1902 መጨረሻ እዚያ ደረሰ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል የነበረችው ከተማ የተቆረቆረችው በዚያን ጊዜ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 በመሆኑ ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ ዋና ማረፊያ ሆና ቆየች፤ የሐረር ቡና እዚያ ይጫናል፣ የባሕር ማዶ ሸቀጥ እዚያ ይራገፋል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩና የመናዊው ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪውና ከመሐል አገር ከመጣው ሰው ጋር በአንድ ገበያ ተገናኘ። ደቻቱ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፦ በአንድ በኩል የባቡሩ ሰዎች ሰፈር ከዚራ፣ በሌላው በኩል የነጋዴው ሰፈር መጋላ።

ለጸሐፊ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጡት በአብዛኛው ብቻቸውን የመጡ ወንዶች መሆናቸው ነው። የመናዊው ወጣት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በባቡር ድሬዳዋ ይገባል፣ ከአገሩ ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሲጠነክር የራሱን ይከፍታል፤ ያገባው ግን የአገሩን ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥ ባሕር ማዶው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጣው በአባት በኩል ሲሆን፣ እናቶቹ የአገር ልጆች ናቸው። የእናቶቹን ታሪክ ማንም አይጠይቅም፤ የአባቱ ፎቶግራፍ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ታሪኩ ከየት ይጀምር? አያትስ ምን እየሠራች ትናገር?

ቡና ማፍላት የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ባይሆን እመርጣለሁ። ቡናው ከመልክ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለውም፣ ጎረቤትም ይጠራል። ጠጉር መሥራት ግን አያትን ከነገሩ ጋር እጅ ለእጅ ያገናኛታል። ልጅቱ ዱካ ላይ፣ በአያቷ ጉልበቶች መካከል፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ይህ አቀማመጥ ለጸሐፊው ትልቅ ሥጦታ ነው፤ ልጅቱ የአያቷን ፊት ማየት አትችልም፣ ስለዚህ የአያት ስሜት ሁሉ በእጇ ብቻ ይነገራል። እጅ ሲፈጥን፣ ሲጠብቅ፣ ሲቆም አንባቢው ልጅቱን ሆኖ ይሰማዋል። «በሐዘን ተመለከተቻት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእነጭራሹ አይጻፍም።

መክፈቻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እህትሽ የአባቴን ጠጉር ነው የወሰደችው» አለች አያቴ። ሚዶው ከእህቴ አናት ተነሥቶ ትከሻዋ ድረስ አንድም ቦታ ሳይያዝ ወረደ። ተራዬ ሲደርስ ቅባቱን በሁለት እጇ አሽታ ጠጉሬን ከፈለችው፤ ሚዶው ገና ሲገባ ተያዘ።

«እማማ፣ የኔስ?»

እጇ ቆመ።

«ቀጥ በይ። አንገትሽን አታዙሪ።»

ልጅቱ አያቷን «አንቺ» ብላ ማናገሯ የሚያሳስባቸው አንባቢዎች አሉ። ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ሰውን «አንተ» እና «አንቺ» ማለት የቅርበት እንጂ የንቀት አይደለም፤ አያት በ«እርስዎ» ከተጠራች ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጠራጠራል።

ስንት ቅድመ አያቶች ይበቃሉ?

ሦስት። በአንድ ምሽት ንግግር አንባቢ ከዚያ በላይ ሰው አይይዝም። በምሳሌያችን በ1930 ገደማ የመጣው የመናዊ የአያት አባት፣ ተዘልላ የምትቀረው የአያት አያት እና መምህር ሆኖ ድሬዳዋ የተመደበው የመንዝ ተወላጅ የልጆቹ አባት አሉ። የአያት ባል እንኳ የባቡር ሠራተኛ እንደነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይታለፋል። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በቤተሰብ ጉባኤ ላይ ይከበራል፤ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ግን ያሰለቻል።

አያት ዓመተ ምሕረት ትጥራ?

ባትጠራ ይሻላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አያት የታሪክ መምህር ትሆናለች። ለመለየት ቀላል ነው፤ የአያትን ንግግር ከትእምርተ ጥቅሱ አውጥታችሁ ለብቻው አንብቡት፤ የመማሪያ መጽሐፍ አንቀጽ ከመሰለ ያ ንግግር የሷ አይደለም።

እሷ የምትቆጥረው በደረሰባት ነገር ነው። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ተወለድኩ» ስትል አንባቢ 1942ን ይረዳል። «ቤት የተወረሰ ጊዜ» ስትል የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣበትን 1975ን ማለቷ ነው፤ «የሶማሌ ጦርነት» ስትል ድሬዳዋ ራሷ የተጠቃችበትን 1977ን ማለቷ ነው። ጸሐፊው ግን ለራሱ ብቻ በወረቀት ላይ ትክክለኛውን ዓመት አጠገቡ መጻፍ አለበት። በምሳሌያችን የመናዊው አባት ሱቁ ያለበት ቤት ሲወረስ እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ወደ የመን ተመልሷል፤ አያት በዚያን ጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነበረች። ይህ ስሌት ካልተሠራ አያት «ሕፃን ሆኜ አባቴ ሄደ» ትልና ታሪኩ ከነሥሩ ይነቀላል።

የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች በእርግጥ ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ወላጆቻቸው ከተለያየ ዘር የመጡ ከሆኑ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። የቆዳ ቀለም በአንድ ጂን የሚወሰን አይደለም፤ ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያቀሉታል ወይም ያጠቁሩታል። የጠጉር ዓይነትም እንዲሁ ነው። እናት ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አላት፤ ለልጇ የምትሰጠው አንዱን ብቻ ነው፣ የትኛውን እንደምትሰጥም ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ዕጣ ይወጣል። ጠይሟ እናት የሚያቀሉትንም የሚያጠቁሩትንም ቅጂዎች ይዛ ከሆነ፣ ለአንዷ ልጅ ከሚያቀሉት የሚበዙት፣ ለሌላዋ ከሚያጠቁሩት የሚበዙት ይደርሳሉ።

ለታሪኩ ቤተሰብ እናስላው። ልጅቱ ከእናቷና ከአባቷ እኩል ግማሽ ግማሽ ወስዳለች። ከእናቷ እናት፣ ማለትም ከተራኪዋ አያት፣ በአማካይ 25 ከመቶ ይደርሳታል። ከየመናዊው የአያት አባት በአማካይ 12.5 ከመቶ፣ ከተዘለለችው የአያት አያት ደግሞ 6.25 ከመቶ ገደማ ነው። «በአማካይ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ የአባትና የእናት ድርሻ ብቻ ነው ቁርጥ ግማሽ የሚሆነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በዕጣው ከፍና ዝቅ ይላል። ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ ከየመናዊው 16 ከመቶ፣ ሌላዋ 9 ከመቶ ይዛ ብትገኝ ማንንም ሊቅ አያስደንቅም።

ከዚህ ስሌት ለጸሐፊው የሚተርፈው ነገር አለ። አያት «ጠጉሯ ከአባቴ፣ አፍንጫዋ ከእናቴ» እያለች መልክን እንደ ውርስ ዕቃ ለሰው ሰው ታከፋፍላለች፤ ተፈጥሮ ግን እንዲህ አይሠራም። አንድ ቅድመ አያት ብቻውን የልጅቱን ጥቁረት ወይም የእህቷን ቅላት አልሰጠም። አያትን ማረም ግን የጸሐፊው ሥራ አይደለም፤ እሷ የምትናገረው የምትወደውን ሰው በልጅቷ ፊት ላይ ስላየች ነው። ጸሐፊው እውነቱን ካወቀ የሚበቃው፣ ትረካው ራሱ የአያትን ክፍፍል እንደ ሳይንስ እንዳያጸድቅ መጠንቀቅ ነው።

አንባቢ «ቅላት ሁሉ ከዓረብ የመጣ ነው» ብሎ እንዳይረዳ ምን ይደረግ?

ይህ ጥያቄ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ታትሞ አስተያየት ሲመጣ። መልሱ የመንዙ አባት ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከሁሉም ቀይ እሱ ነው፤ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ዘመድ እንዳለው ግን ሰምቶ አያውቅም። አያት የታላቋን ልጅ መልክ በሙሉ ለገዛ አባቷ፣ ለየመናዊው፣ ስትሰጥ፣ የመንዙ አባት በር ላይ ቆሞ ይሰማል፤ አንድ ቃል ሳይናገር ኮቱን ሰቅሎ ያልፋል። አንባቢ ያየዋል፣ አያት አታየውም። ታሪኩ ውስጥ የምወደው ቦታ ይህ ነው፤ ማብራሪያ ከተጨመረበት ግን ይሞታል።

ከጀርባው ያለው እውነት ሰፊ ነው። በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ የተገኘና 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ዘረመሉ ተነቦ ውጤቱ በ2015 ታትሟል፤ ቆዳን ከሚያቀሉት የታወቁ የዘረመል ልዩነቶች ዋናው በእሱ ላይ አልተገኘም። በዛሬዎቹ ብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ግን ያ ልዩነት በብዛት አለ። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከምዕራብ እስያ ወገን ጋር የተደረገው ዋናው መቀላቀል ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ስለዚህ መንዝም ሆነ ትግራይ ወይም ቦረና፣ በአንድ ጎጆ ውስጥ ቀይና ጥቁር ወንድማማቾች ቢወለዱ የቅርብ እንግዳ መፈለግ አያስፈልግም። የድሬዳዋው የመናዊ አባት በዚህ የቆየ ነገር ላይ የተጨመረ አዲስ ሰው ነው እንጂ መነሻው አይደለም።

ሃይማኖቱስ? የየመናዊው የልጅ ልጅ የመንዝን ሰው እንዴት አገባች?

ተጣልተው፣ ታርቀው። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሰጠው፦ «እናትሽ አባትሽን ያገባች ዓመት ከዘመድ ግማሹ አልመጣም፤ አንቺ ስትወለጂ ግን ሁሉም መጣ።» ጭራሽ ዝም ከተባለ ግን አገሩን የሚያውቅ አንባቢ እስከ መጨረሻው እሱን ሲያስብ ይቆያል።

አያት የምትዘለው ሰው ማን ናት? እንዴትስ ይጻፋል?

የአያት አያት ናት። በ1890 ገደማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ተወለደች፤ የምኒልክ ጦር ከፋን በያዘበት በ1897 አካባቢ ሕፃን ሳለች ተወስዳ፣ እጅ በእጅ ተሸጣ ሐረር አንድ ባለጸጋ ቤት ደረሰች። ከባለቤቱ የወለደቻት ሴት ልጅ አድጋ ድሬዳዋ ወረደችና የመናዊውን ነጋዴ አገባች፤ የተራኪዋ አያት እናት እሷ ናት። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ግን የወጣው በ1942 ነው። አያት የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ ጸሐፊው ያውቀዋል፣ አያት አታውቀውም፤ ታሪኩም ሊናገረው አይገባም።

የዚህ ክፍል አደጋ ሁለት ነው። አንደኛው ሴትየዋን ለልቅሶ ብቻ ማምጣት ነው፤ ሰንሰለት፣ ጅራፍ፣ እንባ። ተራኪዋ የምታስታውሳት ግን እንደ አያት ነው፤ በእርጅናዋ ያቀፈቻት፣ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣላት ሴት። የሷ ዝርዝር ከዚህ መምጣት አለበት። ሁለተኛው አደጋ የአያትን ዝምታ እንደ ክፋት መሣል ነው። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅድመ እናት መኖሯ ከታወቀ የጋብቻ ጥያቄ እስከ መቅረት የሚደርስበት ዘመን ነበር፤ አያት ልጆቿን ለመዳር ስትል ዝም ያለችው ዝምታ ልማድ ሆኖባታል። ስትናገርም ለልጅቱ የሚሆን ንግግር አዘጋጅታ ሳይሆን እጇ ያንኑ ጠጉር ስላገኘ ነው፦

«የኔ አያት ጠጉር እንዲህ ነበር» አለች ቆይታ። «ጣቴን ከከተትኩበት ማውጣት አልወድም ነበር።»

«ዓረብ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ማናት? ስሟ ማነው?»

«ያወጡላትን ነው የማውቀው» አለች አያቴ። «የራሷን አልነገረችኝም።»

ከዚህ በኋላ አያት የወጣላትን ስም እንኳ ብትናገር ይበዛል። ለባሪያ አዲስ ስም ማውጣት የተለመደ ስለነበር የሚያውቅ አንባቢ ይህን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል፤ የማያውቀውም ስሟ ሁለት እንደነበር ይገባዋል። ልጅቱ «ባሪያ ነበረች?» ብላ ብትጠይቅስ የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት የአሥር ዓመት ልጅ ያንን ቃል የምታውቀው እንደ ስድብ ብቻ ነው፤ ምናልባትም በዚያው ቀን በትምህርት ቤት ተሰድባበታለች። ከጠየቀች አያት መልስ መስጠት አለባት፣ መልሱም ታሪኩን ሌላ ሁለት ገጽ ይወስደዋል። ሁለቱንም አድርጌ አይቻለሁ፤ ያልተጠየቀው ይሻላል።

በመጨረሻ የዲኤንኤ ምርመራ ቢገባበትስ? የአያትን ቃል ያረጋግጣል ወይስ ያፈርሰዋል?

አሜሪካ ያለች አክስት የምራቅ መመርመሪያ ዕቃ ልካ ቤተሰቡን ስታተራምስ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2004 ግን ይህ ዓይነቱ ምርመራ በየቤቱ አልደረሰም ነበር። ምርመራውን ማስገባት የፈለገ ሰው ልጅቱን አሳድጎ ታሪኩን ቢያንስ አሥር ዓመት ወደፊት ማምጣት አለበት።

ውጤቱ ምን እንደሚል ደግሞ በጥንቃቄ መጻፍ ይኖርበታል። የብዙ ኢትዮጵያውያን ዘረመል በጥንቱ መቀላቀል ምክንያት ከምዕራብ እስያ ሕዝቦች ጋር የሚመሳሰል ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የዓረብ አገር ድርሻ ተጽፎ ቢገኝ የመናዊው አባት ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ከመንዙ አባትም የመጣ ሊሆን ይችላል። የቅርቡን ከጥንቱ የሚለየው የድርሻው ብዛት ብቻ ሳይሆን ቅንጣቱ ምን ያህል ሳይቆራረጥ ረዝሞ እንደተገኘ ነው፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ የገባ ዘር ገና በረጃጅም ቁራጭ ይገኛል፣ የሦስት ሺህ ዓመቱ ግን ደቅቋል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ደግሞ የየመናዊውን መስመር ሊያሳይ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ተራኪዋ ሴት ስለሆነች አልወሰደችውም፣ ለልጅቱም አልደረሰም። እሱን የሚይዘው የአያት ወንድምና የእሱ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ምራቁን መስጠት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋስ ክፍል የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ይህም ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው፣ ከአባትም ጋር አይቀላቀልም። ከልጅቱ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አያቷ፣ ከዚያ ወደ አያቷ እናት ስንወጣ መጨረሻ ላይ የምናገኘው ያቺን የተዘለለችውን ሴት ነው። ከቀረው ዘረመሏ ለልጅቱ የደረሰው 6.25 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ማይቶኮንድሪያዋ ግን በሙሉ፣ ምንም ሳይጎድል ደርሷታል፤ ለቀይዋ እህቷም እኩል ደርሷታል። ጸሐፊው ይህን ሊጠቀምበት ከፈለገ ወረቀቱ የትውልድ መንደር እንዲጠራ ግን አያድርገው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኙት የማይቶኮንድሪያ ወገኖች በምሥራቅ አፍሪካ ሰፊ ቦታ ላይ የተሰራጩ በመሆናቸው ምርመራው «ምሥራቅ አፍሪካ» ከማለት ብዙም አያልፍም፤ አክስትየዋም ከፍላ ያገኘችው መልስ አያት ጠጉር እየሠራች ከተናገረችው ያነሰ ይሆንባታል።